ከሕመም ፈቃድ በኋላ በተቀነሰ ሰዓት ሥራ ለመጀመር የቀረበ ማመልከቻ

ቀን፦ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋብሪካው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥራዬን በተቀነሰ ሰዓት እንድጀምር እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

በቀኝ እግሬ የቅልጥም ስብራት ምክንያት ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም ፈቃድ ላይ ነኝ፤ የካቲት 30 አምስት ወር ይሞላኛል። ሐኪሜ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ሥራ መግባት እንደምችል ጽፎልኛል። ሆኖም ለስድስት ሳምንት በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳልቆም፣ ከ5 ኪሎ በላይ እንዳላነሳና ደረጃ እንዳላዘወትር አዟል። የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚውል ስለሆነ በቀጥታ ወደ 48 ሰዓት ሳምንት መመለስ አልችልም።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት ያለ ደመወዝ የሚታሰብ አንድ ወር ይቀረኛል። እሱን ቤት ተቀምጬ ከምጨርሰው በሚከተለው መልኩ ብሠራ ለመስመሩም ለእኔም ይሻላል እላለሁ።

ከመጋቢት 1 እስከ 19፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00፣ በቀን 4 ሰዓት።
ከመጋቢት 21 እስከ ሚያዝያ 10፦ ከ2፡00 እስከ 9፡00፣ የምሳ ሰዓት ሳይቆጠር በቀን 6 ሰዓት።
ከሚያዝያ 12 ጀምሮ፦ እንደ ወትሮው በቀን 8 ሰዓት።

ጠዋቱን የመረጥኩት በትራንስፖርት ምክንያት ነው። ከቱሉ ዲምቱ በ1፡15 በሚነሳው ሰርቪስ እገባለሁ፤ ስወጣ ሰርቪስ ባይኖርም በቀን የታክሲ ሰልፍ ስለማይኖር በክራንች ለመሳፈር አይከብደኝም። ከሰዓት በኋላ ግቢ ብባል ግን ማታ የምወጣው በሰልፍ ሰዓት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በ10፡30 ያለኝ ፊዚዮቴራፒም ከሥራ ሰዓቴ ጋር አይጋጭም፤ ሚያዝያ 8 ያልቃል።

እስከ ሚያዝያ 10 መስመሩን ምክትሌ ይዞ ቢቀጥል፣ እኔ በመጨረሻው የጥራት መፈተሻ ጠረጴዛ ተቀምጬ ብሠራና የሠራተኞችን የቀን ምርት መዝገብ ብይዝ ይቻላል። የልብስ መቀየሪያው ፎቅ ላይ ስለሆነ ምድር ቤት አንድ ሎከር እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከፋሲካ በፊት በሚኖረው የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳልመደብ።

ደመወዝን በተመለከተ የሠራሁት ሰዓት ብቻ ይታሰብልኝ። መነሻ ደመወዜ 14,560 ብር ነው፤ መጋቢት 26 የሥራ ቀን ወይም 208 ሰዓት ስላለው በሰዓት 70 ብር ይሆናል። በዕቅዱ መሠረት በመጋቢት 122 ሰዓት (17 ቀን በ4፣ 9 ቀን በ6) ስለምሠራ 8,540 ብር ይደርሰኛል፤ የእኔ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከዚሁ ይቀነስ፣ የድርጅቱ 11 በመቶም በዚሁ ይሰላ። በመሃል የሚውል የሕዝብ በዓል በዚያው ሳምንት ሰዓት ልክ ይታሰብልኝ።

ስምምነታችን በጽሑፍ እንዲሆን የምጠይቀው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው። በአሻራ ማሽኑ ላይ የፈረቃ ሰዓቴ ከመጋቢት 1 በፊት ካልተቀየረ በ6፡00 ስወጣ በየቀኑ «ቀድሞ መውጣት» ብሎ ይመዘግባል፤ ደመወዝ ክፍሉም አንድ ጊዜ በሰዓት፣ አንድ ጊዜ በቅጣት ሊቆርጥብኝ ይችላል። ያልሠራኋቸው ሰዓቶች ከቀረኝ የሕመም ፈቃድ ላይ እንዳይቀነሱም በግልጽ ይጻፍ፤ እግሬ ተመልሶ ቢያመኝ ያለኝ መጠባበቂያ ያ ወር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ ቅናሹ ጊዜያዊ መሆኑና የሥራ ውሌ ደመወዝ 14,560 ብር ሆኖ እንደሚቀጥል፣ ማንኛውም ክፍያም በዚሁ እንደሚሰላ ይጠቀስልኝ። በጽሑፍ በሚደረግ ስምምነት የውል ሁኔታን ማሻሻል እንደሚቻል በአዋጁ አንቀጽ 15 ተደንግጓል።

መጋቢት 17 ከሰዓት በኋላ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ውጤቱን በማግስቱ አቀርባለሁ። ሐኪሙ 6 ሰዓት ገና ነው ካለ ሥራውን ከማቆም በ4 ሰዓት ለሁለት ተጨማሪ ሳምንት እንድቀጥል ቢፈቀድልኝ እመርጣለሁ። የተሻለኝ ከሆነም ሙሉ ሰዓት ከታሰበው ቀን ቀድሜ ለመጀመር ፈቃደኛ ነኝ።

የፈረቃ ለውጡ እንዲደርስና ስሜ በሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ እስከ የካቲት 25 ምላሽ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፊት ለፊት መነጋገር ከተፈለገ ከየካቲት 18 ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቢሮአችሁ መምጣት እችላለሁ፤ ውይይቱ በምድር ቤት ቢሆን ግን ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር

የስፌት መስመር 4 ሱፐርቫይዘር
የመታወቂያ ቁጥር 0417

አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ካርድ ቅጂ 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለምርት ክፍል ኃላፊ
ለደመወዝ ክፍያ ክፍል
ለመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር