«የት ገባ»፦ ለአፕ ስቶር የሚገባው ጽሑፍ፣ ስሪት 2.3

ይሄ የመጨረሻው ነው፣ እንዳለ ገልብጠህ ለጥፈው። አፕል ከሚሰጣቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ ስለሌለ በአሜሪካ እንግሊዝኛው ሳጥን ውስጥ ነው የምታስገባው። ፕሌይ ስቶር ላይ ግን አማርኛ የራሱ ቦታ አለው።

ስም (23 ፊደል፣ የሚፈቀደው 30)

```
የት ገባ፦ የሞባይል ብር በጀትና ወጪ
```

ንዑስ ርዕስ (21 ፊደል፣ የሚፈቀደው 30)

```
ደሞዝ፣ ኪራይና እቁብ በአንድ ቦታ
```

«ምርጡ»፣ «ቁጥር አንድ» የሚሉትን ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው። ማንም «ምርጡ» ብሎ አይፈልግም፣ «ኪራይ» ብሎ ግን ይፈልጋል።

ቁልፍ ቃላት (ከ100ው 98)

```
ደመወዝ,ዕቁብ,ሂሳብ,ሒሳብ,ቁጠባ,ብድር,እዳ,ዕዳ,እድር,ዕድር,ወጭ,ገቢ,ገንዘብ,ቆጣቢ,አስቤዛ,መዝገብ,ዋሌት,ኤስኤምኤስ,ደረሰኝ,ቫት,ኮሚሽን,ኪስ,ሐዋላ,ሀዋላ
```

ሁለት ሁለት ጊዜ የተጻፉት ስህተት አይደሉም። አንዱ «ሂሳብ» ይላል፣ ሌላው «ሒሳብ»፣ እኛ ደግሞ ሁለቱንም እንፈልጋቸዋለን። ስሙና ንዑስ ርዕሱ ውስጥ ያሉትን አልደገምኩም፣ አፕል እዚያም ስለሚያነባቸው ቦታ ማባከን ነው። ኮማው የእንግሊዝኛው ይሁን፣ ነጠላ ሰረዝ ካስገባህ ሁሉም ተያይዞ አንድ ረጅም ቃል ይሆናል። ከኮማው በኋላ ክፍተት አታድርግ፣ እሱም ይቆጠራል። «ቴሌብር»ን እዚህም ስሙ ላይም እንዳታስገባ፤ የሰው የንግድ ስም ነው፣ ይመልሱብናል። መግለጫው ውስጥ ከየትኞቹ ጋር እንደሚሠራ መጥቀሱ ይበቃል።

የማስተዋወቂያ መስመር

```
ደሞዝ ገባ፣ በአሥረኛው ቀን የለም። የት ገባ? የሞባይል ብር መልእክቶቻችሁን አንብቦ ይነግራችኋል። አሁን እቁብ ከነእጣው፣ በጀትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር።
```

ለፕሌይ ስቶር አጭር መግለጫ (60 ፊደል፣ የሚፈቀደው 80)

```
የሞባይል ብር ኤስኤምኤስ አንብቦ ብራችሁ የት እንደገባ የሚያሳይ የበጀት አፕ፣ ያለ ኢንተርኔት።
```

ፕሌይ ስቶር የቁልፍ ቃላት ሳጥን የለውም፣ ከጽሑፉ ነው የሚያነበው። አትፈልገው።

መግለጫ

ደሞዝ ይገባል። ኪራይ ይወጣል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ለእናት ይላካል፣ የታክሲው፣ የካርዱ፣ የማኪያቶው በስልክ ይከፈላል። ከዚያ ወሩ ሳይጋመስ ቀሪውን ታዩና «የት ገባ?» ትላላችሁ። የአፑ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

መልሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ። በላካችሁ፣ በከፈላችሁና በተቀበላችሁ ቁጥር አንድ መልእክት ይመጣል። ግን ማን ያነበዋል? ሁላችንም ቀሪ ሂሳቡን አይተን ነው የምንዘጋው። «የት ገባ» እነዚያን መልእክቶች ለእናንተ ያነብና ይደምራል። ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር መልእክት፣ ኤም-ፔሳን፣ ሲቢኢ ብርንና የባንክ መልእክቶችን ያውቃል። ያላወቀውን «ያልታወቀ» በሚል ክምር ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዴ «ይሄ የሱቅ ነው» ካላችሁት ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

መልእክቱ ታች ያለችውን የአገልግሎት ክፍያና በእሷ ላይ የሚታሰበውን 15 በመቶ ቫት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ለብቻዋ ስትታይ ምንም አይደለችም። አፑ ግን ለብቻዋ ይደምራታል፣ በወሩ መጨረሻም ስንት እንደሆነች ያሳያችኋል። ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ የሚልክ ሰው ይህን ካየ በኋላ አንዴ ጠቅልሎ መላክ ይጀምራል፣ እኛም ጀምረናል።

ከባንክ ወደ ቴሌብር የራሳችሁን ብር ስታዛውሩ ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ አፕ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ አንዱን ሺህ ብር መጀመሪያ ሲዛወር፣ ከዚያ ደግሞ ሲከፈል ሁለቴ ያወጣዋል። ከወኪል ጥሬ ብር ስታወጡም ወጪ አይደለም፣ «ኪስ» ወደሚባል ቦታ ይገባል። ከኪስ የወጣውን ግን እናንተ ናችሁ የምትጽፉት። የቲማቲም ነጋዴዋ ኤስኤምኤስ አትልክም።

እቁብ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍተናል፣ ምክንያቱም የውጭዎቹ የበጀት አፖች እቁብን ወጪ ነው የሚሉት። ወጪ አይደለም። እጣ እስኪወጣላችሁ ድረስ የምትጥሉት ቁጠባ ነው፣ እጣው ከወጣ በኋላ የምትጥሉት ደግሞ እዳ መክፈል ነው። እንበልና 20 ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል፣ ጠቅላላው 100,000 ይሆናል። እናንተ በሦስተኛው ዙር ደረሳችሁ። እስካሁን የጣላችሁት 15,000 ነው፣ የተቀበላችሁት 100,000። አፑ «100,000 ገቢ» ብሎ አያስደስታችሁም፤ 15,000ው የራሳችሁ ነው፣ 85,000 ገና በ17 ወር የምትመልሱት ነው ይላችኋል። ደስ አይልም፣ ግን እውነቱ ያ ነው። በመጨረሻው ዙር የደረሰው ደግሞ እዳ የለበትም፣ ሲቆጥብ ነው የከረመው። እጣ ከሰው ከገዛችሁ የጨመራችሁት ብር በወጪ ይገባል። ለዳኛው የሚሰጥ ካለም እንዲሁ። እድር የተለየ ነው፣ ተመልሶ ስለማይመጣ በቀጥታ ወጪ ነው።

የማን ወር?

የአንዳንዱ መሥሪያ ቤት ደሞዝ በኢትዮጵያ ወር ይከፈላል፣ የአንዳንዱ በፈረንጅ። አከራያችሁ ደግሞ የራሳቸው ቀን አላቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ እቅድ የየራሱን አቆጣጠር ይይዛል፤ ደሞዝ በፈረንጅ፣ ኪራይ በኢትዮጵያ፣ እቁብ በየ15 ቀኑ ቢሆን ችግር የለም። የበጀቱ ወር የሚጀምረውም ደሞዝ በገባበት ቀን ነው እንጂ የግድ በ1 አይደለም። ጳጉሜም አልተረሳችም። ደሞዝ የላትም፣ ምሳ ግን አላት፤ አፑ ከነሐሴ ላይ ለአምስቱ ወይም ለስድስቱ ቀን ትንሽ ያስቀራል፣ መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞ እንደሚመጣም ቀደም ብሎ ያስታውሳችኋል። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ፣ ለኢድም፣ ከፈለጋችሁ የበዓል ቋት ከፍታችሁ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጣል ትችላላችሁ። በግ በበዓል ዋዜማ እንዴት እንደሚሸጥ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ከቴሌብር በመላ ወይም በእንደኪሴ የወሰዳችሁት ብድር ካለም መመለሻ ቀኑ በበጀቱ ውስጥ ይታያል። ከብድር የመጣ ብር ገቢ አይባልም፣ ይሄን ደጋግመን የምንለው ራሳችንን ለማሳመን ጭምር ነው።

ውጭ ላላችሁ

ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ለቤተሰብ የምትልኩ «የላኩት» የሚል ዝርዝር አላችሁ። የላካችሁበትን ቀን፣ በውጭ ገንዘብ ስንት እንደነበርና እዚህ ስንት ብር ሆኖ እንደደረሰ ጎን ለጎን ትጽፋላችሁ። ምንዛሪውን አፑ አይገምትም። የደረሰውን ከቤተሰብ ጠይቃችሁ ነው የምታስገቡት።

ስለ ሚስጥር

ኢንተርኔት አይፈልግም። ምዝገባ የለም፣ ስልክ ቁጥር አንጠይቅም። የተነበበው መልእክት ከስልካችሁ አይወጣም፣ እኛም አናየውም። አፑ ብር አይልክም፣ አይቀበልም፣ ፒን የሚጻፍበት ቦታም የለውም። በእኛ ስም ደውሎ ፒን የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉበት፣ እኛ አንደውልም። ስማቸውን ከጠቀስናቸው አገልግሎቶች ጋር የሥራም የባለቤትነትም ግንኙነት የለንም፣ የእነሱን መልእክት ማንበብ ብቻ ነው የምናውቀው።

ለአይፎን ተጠቃሚዎች ሳትጭኑት እንንገራችሁ። አፕል ማንኛውም አፕ ኤስኤምኤስ እንዲያነብ አይፈቅድም፣ ስለዚህ እንደ አንድሮይዱ በራሱ አይሞላም። መልእክቱን ገልብጣችሁ አፑ ውስጥ «ለጥፍ»ን ትነካላችሁ፣ ብዙ መልእክት አንድ ላይም ይቀበላል። ይሄ ከሰለቻችሁ Shortcuts ውስጥ መልእክት ሲመጣ ወደ አፑ የሚልክ ትእዛዝ ማዘጋጀት ይቻላል። አሠራሩ አፑ ውስጥ በሥዕል አለ፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

የጠፋ መልእክት አይመለስም። የድሮ መልእክቶቻችሁን አጥፍታችሁ ከሆነ አፑ ከዛሬ ይጀምራል። ካላጠፋችሁ ግን ወደ ኋላ ያለውን ሁሉ ስለሚያነብ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ያስደነግጣል።

ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ወደ ኤክሴል ማውጣት ብቻ አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፣ በየወሩ የሚቆረጥ ነገር የለም።

በሥዕሎቹ ላይ የሚጻፉት (በቅደም ተከተል)

ብራችሁ የት ገባ? ይኸው።
ለአገልግሎት ክፍያ ብቻ ይሄን ያህል
እቁብ፦ የእናንተው ስንት፣ የሚመለስ ስንት
ጳጉሜም በጀት አላት
ፒን አንጠይቅም

ሁለተኛው ሥዕል ላይ የማንም እውነተኛ ስምና ቁጥር እንዳይታይ። ያለፈው ጊዜ የራሴ ቀሪ ሂሳብ ወጥቶ የሳቀብኝ ብዛት!

በዚህ ስሪት ምን አዲስ አለ

እቁብ ከነእጣው ገብቷል። በአንድ ስልክ ሁለት ሦስት እቁብ መያዝ ትችላላችሁ፣ የጸሐፊነት ሥራ ያለባችሁም ማን ጣለ ማን ቀረ የሚለውን ትመዘግባላችሁ።

ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኗል። መልእክቱ 21:00 ቢል አፑ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይላል። የድሮውን የምትፈልጉ ከማስተካከያው ትመልሱታላችሁ።

አንድ ጥፋታችንን አስተካክለናል። ባለፈው ስሪት የላካችሁት ብር ሳይደርስ ቀርቶ ሲመለስላችሁ አፑ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጥረው ነበር። በዚህ የተነሳ ሀብታም የመሰላችሁ ይቅርታ። አሁን ከመጀመሪያው ወጪ ጋር ይጣፋል፣ የድሮዎቹም አፑን ስታድሱ በራሳቸው ይስተካከላሉ፤ የወሩ ድምር ቢቀንስባችሁ ከዚህ ነው።

በትንሽ ስልክ ላይ ረጅም የሱቅ ስም ቁጥሩን ይሸፍነው ነበር፣ ቀርቷል።