የቴክኒክ ግምገማ ማስታወሻ፦ የ15 ኪሎቮልት ስዊችጊር ግዢ

ለ፦ ጨረታ ኮሚቴ
ከ፦ ቴክኒክ ገምጋሚ ቡድን
ጉዳይ፦ የሦስቱን ተጫራቾች የቴክኒክ ሰነድ ግምገማ ውጤት ስለማቅረብ

የሦስቱንም ተጫራቾች የቴክኒክ ሰነድ አይተን ጨርሰናል። የዋጋ ፖስታ አልተከፈተም። ተጫራች ሀ እና ተጫራች ሐ ወደ ዋጋ ውድድር እንዲያልፉ፣ ተጫራች ለ ግን እዚህ ላይ እንዲቀር የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን። በቴክኒክ ብልጫ ያለው ሐ ነው።

መስፈርት ማሟላት

ዋናው ጉዳይ ከፍታ ነው። ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ላይ ይገኛል። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ለዚህም ነው የአይኢሲ 62271 ደረጃዎች ከ1000 ሜትር በላይ ማስተካከያ የሚጠይቁት። በእኛ ከፍታ ማባዣው 1.17 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በሰነዱ የጠየቅነው የ95 ኪሎቮልት የመብረቅ ግፊት መቋቋሚያ ወደ 111 ከፍ ይላል።

ለ ያቀረበው ባለ 17.5 ኪሎቮልት ፓነል ነው። የታይፕ ቴስት ሪፖርቱ 95 ላይ ይቆማል። «ለከፍታው ችግር የለውም» የሚል ደብዳቤ አያይዟል፤ ስሌት ግን አላቀረበም። ፓነሉን በሌላ ቀይር ብንለው ማብራሪያ መጠየቅ አይሆንም፤ አዲስ ሰነድ እንዲያስገባ መፍቀድ ነው። ሀ እና ሐ ባለ 24 ኪሎቮልት፣ በ125 የተፈተሸ ፓነል አቅርበዋል። ሁለቱም የውስጥ አርክ ፍተሻውን በ25 ኪሎአምፔር ለ1 ሰከንድ በአራቱም ጎን አልፈዋል። ፓነሉ ፊት ቆሞ ብሬከር የሚያስገባና የሚያወጣ ኦፕሬተር ስላለ በዚህ ነጥብ ላይ ምንም ድርድር አላደረግንም።

የማስረከቢያ ጊዜ

ሰነዱ ላይ ሲታይ ለ 18፣ ሀ 24፣ ሐ 30 ሳምንት ብለዋል። ቆጠራው ግን ከአንድ ቦታ አይጀምርም። ሐ ውል ከተፈረመበት ቀን ቆጥሮ ስዕል ማጽደቂያውንና የፋብሪካ ፍተሻውን ጨምሮ ነው። ሀ የሚቆጥረው ስዕል ከጸደቀ በኋላ ሲሆን፣ የፋብሪካ ፍተሻውንም ለብቻው አውጥቶታል። ለስዕል 4፣ ለፍተሻ 2 ሳምንት ብንይዝ ሀም 30 ላይ ያርፋል። ሁለቱም ከ34 ሳምንት ገደባችን በታች ናቸው።

የዕድሜ ልክ ድጋፍ

እዚህ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሐ ምርቱ ከቆመ በኋላም ለ15 ዓመት መለዋወጫ እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ቃል ገብቷል። የሪሌይ ሶፍትዌሩ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ ለጥገና ባለሙያዎቻችንም በፋብሪካው ሥልጠና ይሰጣል። ሀ የገባው ቃል ለ10 ዓመት ነው። የሶፍትዌር ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል። ካልታደሰ የራሳችንን ሪሌይ ሴቲንግ ለመቀየር እንኳ እሱን መጥራት ሊኖርብን ነው።

ሀ በዋጋ ቢያሸንፍ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት የፈቃዱ ጉዳይ በጽሑፍ ይፈታ፤ የ30 ሳምንቱም ቆጠራ ከውል ፊርማ ቀን እንደሚጀምር በውሉ ላይ ይግባ።