የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለመጀመር ለወሰኑ፣ ወይም የመጀመሪያውን ብልቃጥ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ለተመለሱ ሰዎች ነው። በመጀመሪያው ቀን በምክር ክፍል የሚነገረው ነገር ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለው ቀን ደግሞ የሰሙትን ሁሉ መያዝ ለማንም ያስቸግራል። ስለዚህ ጽሑፉን በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግዎትም፤ ቤት ወስደው ሲረጋጉ ደጋግመው ያንብቡት።

መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ

ኤች አይ ቪ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ሲዲ ፎር የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ እየገባ ይራባል፣ ሕዋሳቱንም ያጠፋል። መድኃኒቱ ይህን መራባት ይገታል፤ ቫይረሱን ግን ከሰውነት ጨርሶ አያስወጣውም፤ ምክንያቱም ጥቂቱ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥም ተመልሶ ይነሣል። ሕክምናው የዕድሜ ልክ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ አዋቂዎች ዛሬ የሚጀምሩት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት በያዘ፣ በቀን አንድ ጊዜ በሚወሰድ ኪኒን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በዶሉቴግራቪር ላይ የተመሠረተውን ሕክምና ተመራጭ መጀመሪያ እንዲሆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ ይመክራል። የተሰጠዎት መድኃኒት ከዚህ የተለየ ከሆነ አወሳሰዱም ሊለይ ስለሚችል የመድኃኒት ባለሙያው የጻፈልዎትን ይከተሉ።

ኪኒኑን በየቀኑ መውሰድ

በቀኑ ውስጥ ሳይረሱት የሚያደርጉትን አንድ ነገር ይምረጡና ኪኒኑን ከእርሱ ጋር ያያይዙት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤት መሆንዎ እርግጠኛ ካልሆነ ያንን ሰዓት አይምረጡ፤ ለእርስዎ የሚስማማው ሰዓት በሳምንቱ ሰባት ቀናት ሁሉ የማይዛነፈው ነው። ዶሉቴግራቪር ያለበትን ኪኒን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ መውሰድ ይቻላል፤ ስለዚህ ምግብ አልቀረበም ብለው አያሳልፉት።

በተለያየ ፈረቃ የሚሠራ አንድ ታካሚ የስልኩ ማንቂያ እየደወለ እንኳ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን ያመልጠው ነበር፤ ማንቂያው የሚደወለው በሥራ መካከል ሲሆን ብልቃጡ ደግሞ ቤት ነበር። የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ሁለት ኪኒን የሚይዝ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ትንሽ ዕቃ ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ መያዝ ጀመረ፤ አንዱን በተጠቀመ ቁጥርም ማታውኑ ይተካዋል። የእርስዎ መሰናክል ሌላ ሊሆን ይችላልና ከማንቂያው በፊት እርሱን ይፈልጉት። ሰው እንዳያይብኝ የሚል ስጋት ብዙዎችን ያዘገያል፤ ይህ ስጋት ካለብዎት ለአማካሪዎ በግልጽ ይንገሩ፣ የት እንደሚያስቀምጡና ለማን ቢነግሩ እንደሚሻል አብረው ይመካከሩ። ብልቃጡን ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከልጆች እጅ ያርቁት።

አንድ ቀን ቢያመልጥዎት

ባስታወሱበት ቅጽበት ይውሰዱት፤ የሚቀጥለውንም በተለመደው ሰዓቱ ይውሰዱ። ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ከሆነና የሚቀጥለው ሊደርስ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ያመለጠውን ይተዉና በሰዓቱ ይቀጥሉ። ያመለጠውን ለማካካስ ሁለት ኪኒን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይገባም።

አልፎ አልፎ የሚከሰት መርሳት ሕክምናውን አያፈርሰውም። አደጋው የሚመጣው መርሳቱ ሲደጋገም ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሲቀንስ ቫይረሱ እንደገና መራባት ይጀምራል፣ በሚራባበት ጊዜም ራሱን እየለዋወጠ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ሊያስገኝ ይችላል። ቫይረሱ መድኃኒቱን ከተላመደ ደግሞ ሌላ መድኃኒት መቀየር ያስፈልጋል፣ ምርጫውም እየጠበበ ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ ልናሳስብዎት የምንፈልገው ያመለጠዎትን እንዳይደብቁ ነው። ባለሙያው «ስንት ቀን አመለጠዎት?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው ትክክለኛውን ቁጥር ነው፤ «አንድም አላመለጠኝም» የሚለው መልስ እውነት ካልሆነ የቫይረሱ መጠን ለምን እንዳልቀነሰ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ደህና የሚሠራ መድኃኒትም ያለ ምክንያት ሊቀየር ይችላል። ለቀናት አቋርጠው ከሆነም አፍረው አይቅሩ፤ ተመልሰው ይምጡ።

የጎንዮሽ ጉዳቶች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ተቅማጥ፣ ድካም ወይም የእንቅልፍ መዛባት ሊሰማዎት ይችላል፤ አብዛኛው ሰውነት ሲለማመድ በራሱ ይቀንሳል። የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ ኪኒኑን ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ዶሉቴግራቪር እንቅልፍ ከነሣዎት ወደ ጠዋት ማዞር ይቻላል፤ ኤፋቪሬንዝ ለሚወስድ ሰው ግን መፍዘዝና እንግዳ ሕልም ስለሚያመጣ በመኝታ ሰዓት መውሰዱ ይሻላል። ከውጠው ብዙ ሳይቆዩ ካስመለሰዎትና ኪኒኑ ሲወጣ ካዩት፣ እንደገና ይውሰዱ እንደሆነ ባለሙያ ይጠይቁ። አንዳንድ ሰዎች ክብደታቸው ይጨምራል። ቴኖፎቪር በጥቂት ሰዎች ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ምርመራ ሲታዘዝልዎት አይዝለሉት።

ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከወጣ፣ አፍዎ ወይም ዓይንዎ ከቆሰለ፣ ፊትዎ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። አባካቪር ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ትውከት በአንድነት ከታየባቸው ወዲያውኑ መመርመር አለባቸው፤ መድኃኒቱ በዚህ ምክንያት በሐኪም ከተቋረጠ ደግሞ ዳግመኛ ፈጽሞ ሊወስዱት አይገባም።

ከዚህ ውጭ ባለው ምቾት ማጣት ምክንያት መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። የጉበት በሽታ ቢ ያለበት ሰው ቴኖፎቪርና ላሚቩዲንን በድንገት ቢያቆም የጉበቱ ሕመም ሊባባስበት ስለሚችል ይህ ማስጠንቀቂያ ለእርሱ ድርብ ነው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

ብዙ ሰው ቀላል መስሎት የማይጠቅሰው ነገር እዚህ ላይ ከባድ ይሆናል። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ ስለዚህ ዶሉቴግራቪሩን ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ። ለብረትና ለካልሲየም እንክብሎችም ይኸው ርቀት ይጠበቃል፣ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አብሮ መዋጥ ይቻላል። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው የዕለቱን ዶሉቴግራቪር ከወሰደ 12 ሰዓት ቆይቶ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ያስፈልገዋል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችንና ባህላዊ መድኃኒትንም ለሐኪምዎ ይንገሩ። ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም ለመውለድ ያሰቡ ሴቶችም ይህንኑ አስቀድመው ያሳውቁ።

የቫይረስ መጠን ምርመራ

የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ከተጀመረ ከ6 ወር በኋላ ይደረጋል። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና ኪኒኑን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ኤች አይ ቪን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም። ውጤቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ።

ወደ ቀጠሮዎ ሲመጡ ብልቃጡን ከነቀሩት ኪኒኖች ይዘው ይምጡ። ጉዞ ካሰቡ ኪኒኑ ከማለቁ በፊት ይንገሩን፤ ለመንገድ የሚበቃ ትርፍ እንሰጥዎታለን።