የኖራ ልስን ጥገና የቀጥታ ሥልጠና፦ የመክፈቻ ንግግር፣ ከጎንደር

9፡55

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ? ከጎንደር፣ ከፒያሳ አቅራቢያ ነው የምናገረው። ቀድማችሁ ስለገባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥልጠናው በ10 ሰዓት ይጀመራል። እስከዚያው ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁም፤ ድምፃችንን አብረን እንፈትሻለን።

የዛሬው ፍተሻ ከወትሮው የተለየ ነው። ልስን ከግድግዳው መላቀቁን ግንበኛ የሚያውቀው አንኳኩቶ በማዳመጥ ነውና፣ ዛሬ ድምፁ በደንብ ያልደረሰው ሰው ትምህርቱ ራሱ አልደረሰውም ማለት ነው። ከፊቴ በኖራ የተለሰኑ ሁለት ድንጋዮች አሉ። አንዱን በመዶሻው እጀታ መታ አደርገዋለሁ፤ አድምጡ።

(ሦስት ጊዜ መታ ማድረግ፤ ትንሽ ዝም ማለት፤ ሁለተኛውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ)

የመጀመሪያው ድፍን ነው፤ ልስኑ ድንጋዩን ይዞታል። ሁለተኛው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል፤ በልስኑና በድንጋዩ መካከል ክፍተት አለ። ልዩነቱ የተሰማችሁ በጽሑፍ መስጫው ላይ «1» ጻፉልኝ። ንግግሬ እየተሰማችሁ ምቱ ካልተለየላችሁ «2» ጻፉ። ምንም ያልሰማችሁ ይህንንም አትሰሙኝምና ረዳቴ እዚያው ላይ ይጽፍላችኋል፤ ከታች Join Audio የሚለውን ተጫኑ፣ የስልካችሁም ድምፅ ከፍ ማለቱን እዩ።

«2» የጻፋችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ አሁኑኑ ሰኩት። በእኔ በኩል ደግሞ ዙም ማንኳኳትን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ስለሚያፍነው Original Sound የሚለውን ከፍቻለሁ። ይህ ሲከፈት የውጭው ድምፅም አብሮ ይገባል፤ መስኮቱን ብዘጋም አልፎ አልፎ ባጃጅ ትሰማላችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

10፡00

ሰዓቱ ደርሷል፤ እንጀምራለን። በሰዓቱ የተገኘን ሰው ማስጠበቅ ተገቢ አይደለም። ገና ያልገቡትም ቢሆኑ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ መብራት የጠፋባቸው፣ መረብ የደከመባቸው ይኖራሉ። 10 ሰዓት የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር የተረዳም ሊኖር ይችላል። ዋሽንግተን ላላችሁ በእናንተ ሰዓት ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው፤ እንኳን ደህና ነቃችሁ። ስለዚህ ዋናውን የማንኳኳት ልምምድ 10 ሰዓት ከ15 ላይ አደርገዋለሁ። እስከዚያ የማነሣው ዘግይቶ የገባ ሰው በኋላ በቀላሉ ሊከተለው የሚችለውን ነው።

አንድ ቤት ውስጥ በሁለት ስልክ የገባችሁ ካላችሁ የአንደኛውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዝጉ፤ አለበለዚያ ድምፁ እየተመላለሰ ሁላችንንም ያደነቁራል። ማይክሮፎናችሁ ዝግ ይሁን። መናገር የሚፈልግ እጅ ያውጣ፤ ረዳቴ በተራ ይከፍትለታል። መረብ የደከመባችሁ ምስላችሁን አጥፉ፤ ዛሬ የሚያስፈልገን ጆሮ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። ፋሲል ግቢ በ1979 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩን አያይዞ ያኖረው ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባበት። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ክፋቱም ከዚያው ይመነጫል፤ በግንቡ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል፤ ዝናቡ ሲያልፍ ግንቡ ይደርቃል። «ሲሚንቶ ይሻላል፣ ቶሎ ይይዛል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እቆጫለሁ። ቶሎ መያዙ ለአዲስ ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ ለዘመናት ለቆመ ግንብ ግን ዕዳ ነው።

10፡07፣ አዲስ ሰዎች ሲገቡ

አሁን የገባችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ያመለጣችሁ ነገር ጥቂት ነው፦ ለአሮጌ ግንብ ለምን ኖራ እንደምንመርጥ እያነሣን ነበር። ማዳመጫችሁን ሰኩና ጠብቁኝ፤ ሁለቱን ድንጋዮች ለእናንተ ስል ደግሜ እመታለሁ። ቀድማችሁ የሰማችሁም አድምጡ፤ ጆሮ በድግግሞሽ ይስላል።

የእኔ ድምፅ ድንገት ቢቋረጥ አትውጡ። መብራት ከጠፋ በስልኬ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ረዳቴ የግንቡን ፎቶዎች ያሳያችኋል።

(የመጀመሪያውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ)

ይህ የትኛው ነው? ድፍኑ ወይስ ባዶው? ጻፉልኝ።