ጉዳዩ፡- ስለ ሕንፃ ግንባታው መዘግየት ለመወያየት ቀጠሮ መጠየቅን ይመለከታል

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ሙሉጌታ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ የምንገነባልዎ ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ልናስረክብዎ የተያዘው ቀን ርክክቡ ሳይፈጸም ስላለፈ፣ በቀሪው ሥራና በአዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ በአካል ተገናኝተን እንድንወያይ ቀጠሮ እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የኮንክሪት ሥራው፣ የብሎኬት ግንቡና የውስጥ ልስኑ አልቋል። የቀሩት የፊት ለፊቱ አሉሚኒየምና መስታወት፣ የላይኞቹ ሁለት ፎቆች የሴራሚክ ንጣፍ እና ሊፍቱ ናቸው። ንጣፉ ግቢው ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ ስለሆነ አያሳስብም፤ የሊፍቱ ጉዳይ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ አቅራቢው ዋጋውን እንደገና አቀረበ፤ በዚህም ሳቢያ ባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱን የከፈተልን ካቀድነው ጊዜ ዘግይቶ ነው። ዕቃው አሁን ጅቡቲ ወደብ ደርሷል። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተጓጉዞ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ግን የተከላውን ቀን ቆርጠን ብንነግርዎ የማንጠብቀው ቃል ሊሆንብን ስለሚችል ተቆጥበናል።

የምድር ወለሉ ለባንክ ቅርንጫፍ እንዲስማማ በተጠየቀው ማሻሻያ የሄደ ጊዜም አለ። ይህን የምናነሣው ኃላፊነቱን ወደ እርስዎ ለማዞር ሳይሆን፣ አማካሪ መሐንዲሱ ባሉበት የሥራ መዝገቡን አብረን ተመልክተን፣ የትኛው ቀን በጊዜ ማራዘሚያ እንደሚያዝ፣ የትኛው ደግሞ በእኛ እንደሚቆጠር በመተማመን እንድንለይ ነው። በዚህ ስብሰባ የዋጋ ጭማሪ ጥያቄ አናቀርብም።

ይበልጥ የሚያሳስበን ከኅዳር ወር ጀምሮ ሊገቡ የተዘጋጁት ተከራዮችዎ ጉዳይ ነው። የምድር ወለሉና አንደኛው ፎቅ ሊፍቱን ሳይጠብቁ ሥራ ሊጀምሩ ስለሚችሉ፣ የፊት ለፊቱን የአሉሚኒየም ሥራ ከታች ጀምረን ሁለቱን ወለሎች በቅድሚያ በከፊል ርክክብ ልናስረክብዎ እንችል እንደሆነ ሐሳብዎን መስማት እንፈልጋለን። ተከራዮቹ የሚገቡበትን ቀን የሚያውቁት እርስዎ በመሆንዎ፣ ያለ እርስዎ ምክር የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጥ አልፈለግንም።

ለስብሰባው ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት በግንባታው ቦታ ብንገናኝ የተሻለ ነው እንላለን፤ ብዙው ነገር በወረቀት ከሚገለጽ በዓይን ቢታይ ይቀላልና። ሰዓቱ የማይመችዎ ከሆነ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወይም እርስዎ በመረጡት ቀን ቢሮዎ ድረስ እንመጣለን። የተከለሰውን የጊዜ ሰሌዳ ረቂቅና የሊፍቱን የማጓጓዣ ሰነዶች ቅጂ አስቀድመው እንዲመለከቷቸው ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት እንልክልዎታለን። ወደ ግንባታው ቦታ ሲመጡ የፊት ለፊቱ መንገድ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ስለተዘጋ በኋላው በር እንዲገቡ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
ዮናስ
የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፡-
ለአማካሪ መሐንዲሱ