“ዲቪ ደርሶዎታል፣ 330 ዶላር ያስገቡ” የሚለው ኢሜይል ሐሰት ነው

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፍርድ፦ ሐሰት

የተባለው

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በቴሌግራም ቡድኖችና በፌስቡክ የአንድ ደብዳቤ ስክሪንሾት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። በኢሜይል የመጣ ነው የተባለው ይህ ደብዳቤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አለበት። ተቀባዩ የዲቪ 2025 ዕድለኛ መሆኑን ካበሰረ በኋላ “የቪዛ ክፍያውን 330 ዶላር በ72 ሰዓት ውስጥ ካላስገቡ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይተላለፋል” ይላል። ከሥሩ አንድ የአገር ውስጥ ስልክ ቁጥርና “በብር ለሚከፍሉ 19,000 ብር” የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ ተጨማሪ ሰው እንዳያጠምድ እዚህ አላወጣነውም።

ማስረጃው

ደብዳቤውን የሚያጋልጠው የራሱ ቀን ነው። የተጻፈው ሚያዝያ 24 ነው ይላል። የዲቪ 2025 ውጤት ግን ይፋ የሆነው ሚያዝያ 26፣ በቀዳም ሥዑር ምሽት ነው። ገና ያልወጣ ዕጣ ለማንም ሊደርስ አይችልም።

ቀኑ ትክክል ቢሆን እንኳ መንገዱ ስህተት ነው። የአሜሪካ መንግሥት “ዲቪ ደርሶዎታል” የሚል ኢሜይልም ሆነ ደብዳቤ ለማንም አይልክም። ውጤት የሚታየው dvprogram.state.gov በሚለው ድረ ገጽ ብቻ ነው። ሲሞሉ የተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስምና የትውልድ ዓመት ይገባና መልሱ እዚያው ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ፦ ዕጣው ለደረሰው ሰው በኋላ ላይ፣ ለምሳሌ የኢንተርቪው ቀጠሮ ሲያዝለት፣ እውነተኛ ኢሜይል ሊመጣ ይችላል። ያ ኢሜይል ግን ወደ ድረ ገጹ ገብቶ እንዲያይ ይነግረዋል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የላኪው አድራሻም በ .gov ያበቃል። የተሰራጨው ደብዳቤ የላኪ አድራሻ የሚያበቃው በ .com ነው፤ state የሚለው ቃል ከፊቱ በሰረዝ ተቀጥሎ በጥድፊያ ለሚያነብ ዓይን እውነተኛ እንዲመስል ተደርጓል።

የጉዳይ ቁጥሩም አይገጥምም። የአፍሪካ ዕድለኞች የዲቪ 2025 ቁጥር 2025AF ብሎ ይጀምርና አኃዝ ይከተለዋል። በደብዳቤው ላይ ያለው ግን ETH የሚል የአገር ምልክት የገባበት ነው። ዲቪ የሚደለደለው በክፍለ ዓለም ስለሆነ በቁጥሩ ውስጥ የአገር ምልክት የለም።

ከእውነቱ የተቀላቀለው

ሰውን ያሳመነው 330 ዶላሩ ነው፤ መጠኑ እውነት ነውና። የዲቪ ቪዛ ክፍያ ለእያንዳንዱ አመልካች በትክክል ይኸው ነው። ግን የሚከፈለው በኢንተርቪው ቀን፣ ኤምባሲው ውስጥ፣ በአካል ነው። በሐዋላ፣ በባንክ ዝውውር ወይም በሞባይል ገንዘብ አስቀድሞ የሚከፈል ነገር የለም። የዲቪ 2025 ምዝገባ (ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2016) ራሱ በነጻ ነበር፤ ኢንተርኔት ቤቶች የሚያስከፍሉት ለአሞላል አገልግሎታቸው ነው።

“ለተጠባባቂ ይተላለፋል” የሚለው ማስፈራሪያም መሠረት የለውም። የ72 ሰዓት ገደብ የሚባል ሕግ የለም። በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ስለሆነና ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ከዚያ ስለሚበልጡ፣ ዕጣው የደረሰው ሁሉ ቪዛ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ዘግይቶ ፎርም የሚሞላም ሊያመልጠው ይችላል። ነገር ግን ተራው የሚጠበቀው በጉዳይ ቁጥር ነው፤ ገንዘብ ቀድሞ የላከ ወደ ፊት አይዘልም።

ቁጥሩ ለጠፋበት ወይም ለተያዘበት

ይህ ማጭበርበሪያ የሚሠራው ብዙ ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩ በእጁ ስለሌለ ነው። ኢንተርኔት ቤቱ ያስቀረዋል፣ አንዳንዴም “ውጤቱን ለማየት ክፈል” ይላል። መክፈል አያስፈልግም፤ በዚያው ድረ ገጽ ላይ Forgot Confirmation Number የሚል አማራጭ አለ። ስም፣ የትውልድ ቀንና ሲመዘገቡ የሰጡት ኢሜይል ከገባ ቁጥሩን ይመልሳል። ችግር የሚመጣው ኢንተርኔት ቤቱ በራሱ ኢሜይል ከሞላ ነው፤ ያኔ የትኛውን ኢሜይል እንደተጠቀመ መጠየቅ ግድ ይሆናል። የዲቪ 2025 ውጤት እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ይታይ ስለነበር የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም።

ፍርድ

ደብዳቤው ሐሰት ነው። የክፍያው መጠን እውነት በመሆኑ “አሳሳች” የሚለውን ደረጃ መስጠት ይቻል ነበር። ነገር ግን ዋናው ቃሉ፣ ማለትም “ደርሶዎታል፣ አሁን ይክፈሉ” የሚለው፣ በቀኑ፣ በላኪው፣ በጉዳይ ቁጥሩና በአከፋፈሉ ውድቅ ሆኗል።