የአራት ሳምንት የክለሳ መርሐ ግብር፣ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን በፎቶ ኮፒ ቤቱ ስለምሠራ፣ ክለሳው የሚካሄደው ዘወትር ማለዳ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ እሑድም ከሰዓት በኋላ ነው። በእጄ ያሉት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች የሒሳብ ሦስት፣ የፊዚክስ ሦስት፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ ሁለት ሁለት ናቸው።

በአንደኛው ሳምንት የሒሳብንና የፊዚክስን አሮጌ ፈተናዎች አንድ አንድ ያለ ሰዓት ገደብ ሠርቼ፣ የሳትኳቸውን ጥያቄዎች በየምዕራፋቸው በደብተር እመዘግባለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የምከልሰውም መዝገቡ የጠቆመውን ምዕራፍ ብቻ ነው፤ የማውቀውን ደጋግሞ ማንበብ ደስ ቢያሰኝም ጊዜ ይበላል።

ሁለተኛው ሳምንት የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ነው፣ አንድ አንድ ፈተና።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛዎቹ የሒሳብና የፊዚክስ ፈተናዎች በሰዓት ይሠራሉ፤ አንዱ እንግሊዝኛም ይጨመራል።

በአራተኛው ሳምንት አሠሪዬ ዓርብንና ቅዳሜን ስለፈቀዱልኝ፣ ያልተነኩት አምስቱ የቅርብ ዓመት ፈተናዎች በየሽፋናቸው በተጻፈው ሰዓት ከሐሙስ እስከ እሑድ ይሠራሉ።